ሲጨምቅ የሚደልቀው ማሽን፦ ኩሽኔታ ነው ተብሎ የተፈረደበት

የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ የጓደኛዬ እናት ንብረት ነው። ከፊት የሚከፈት፣ 7 ኪሎ የሚይዝ፣ ቢበዛ በደቂቃ 1200 ዙር የሚጨምቅ፣ ከስምንት ዓመት በላይ ያገለገለ። ሲያጥብ ምንም አይልም። ችግሩ የሚጀምረው መጭመቅ ሲጀምር ነው። መጀመሪያ ዷ ዷ ዷ ይላል፣ ከጎን ወደ ጎን ይናጣል፣ ከቦታውም ይነሳና ወደ ፊት ይሄዳል። እናትየው መጭመቅ በጀመረ ቁጥር ሄደው በሁለት እጃቸው ይይዙት ነበር። ይሄን በፍጹም አታድርጉ። ከባድ ነገር እየዘለለ እጅና እግር ሊይዝ ይችላል፣ ማሽኑም በመያዝ አይረጋጋም።

አንድ ጠጋኝ ቀደም ብሎ አይቶት ነበር። እንደነገሩኝ ማሽኑን አስነሳው፣ ድምፁን ሰማ፣ «ኩሽኔታው አልቋል፣ ይሄ ለማሠራት አያዋጣም፣ ሌላ ግዙ» ብሎ ሄደ። ሳይከፍተው። «ልጄ፣ እውነት ካለቀለት ልሽጠው፣ ካላለቀለት ግን ለምን እጥለዋለሁ?» አሉኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ምክንያቱም ኩሽኔታ የልብስ መክተቻው ዘንግ ተይዞ የሚዞርበት ክፍል ነው፤ ሥራውም በዚህ ዓይነት ማሽን ላይ ቀላል አይደለም፤ ውሃ የሚይዘውን ታንክ አውጥቶ ለሁለት መክፈት ይጠይቃል። አንዳንዱ ታንክ ደግሞ ከፋብሪካ ተበይዶ የመጣ ስለሆነ ጭራሽ አይከፈትም። ስለዚህ «ኩሽኔታ ነው» ማለት ለብዙ ማሽን የሞት ፍርድ ነው። ፍርድ ከመስጠት በፊት ደግሞ ማየት ያስፈልጋል።

እኔ መጀመሪያ የጠየቅኳቸው ስለ ድምፁ ሳይሆን ስለ ሰዓቱ ነው። መቼ ነው የሚደልቀው? ፍጥነቱ ገና ሲነሳ ነው፣ መሐል ላይ ነው፣ ወይስ ጫፍ ሲደርስ? እሳቸው ይሄን አስተውለው አያውቁም ነበር፤ ማን ያስተውላል? ስለዚህ አብረን አስነስተን ቆመን አዳመጥን። ነገሩ እንዲህ ነው የሆነው። ፍጥነቱ መጨመር ሲጀምር ኃይለኛ ድልቂያ መጣ። ማሽኑ እያፈጠነ ሲሄድ ድልቂያው ቀነሰ፤ እንዲያውም የተረጋጋ መሰለ። ጫፍ ሲደርስ ሌላ ድምፅ ተተካ፦ ፈጣን፣ ደረቅ፣ ድንጋይ ቆርቆሮ ሲመታ የሚመስል ቀቀቀቀ። ከዚያ ማሽኑ ጨርሶ ፍጥነቱ ሲወርድ፣ ሊቆም አቅራቢያ፣ ያ የመጀመሪያው ድልቂያ ተመልሶ መጣ።

ይሄ ቅደም ተከተል ግማሹን ምርመራ ሠራልን። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ግን ማሽኑ ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል።

ውስጡ ተንጠልጥሎ ነው ያለው

ብዙ ሰው ማሽኑን እንደ አንድ ሳጥን ያየዋል። እውነቱ ግን የውጩ ቆርቆሮ አንድ ነገር ነው፣ ውስጡ ያለው ሌላ ነገር ነው። ልብስ የምንከትበት ብረት፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ድረም፣ የሚሽከረከረው በትልቅ የፕላስቲክ ታንክ ውስጥ ነው። ታንኩ ውሃ የሚይዘው ነው። ሞተሩም እሱ ላይ ነው የታሰረው። ታንኩ ላይ የኮንክሪት ክብደትም ታስሯል፤ በዚህ ማሽን አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከፊት በበሩ ዙሪያ። ይሄ ሁሉ ጓዝ ከቆርቆሮው ጋር በቀጥታ አልተያያዘም። ከላይ በሁለት ሞላ ተንጠልጥሏል፣ ከታች ደግሞ በሾክ ተይዟል። ይሄኛው ሁለት ሾክ አለው፤ ሦስትና አራት ያላቸውም አሉ።

ለምን ተንጠለጠለ? ልብስ መቼም እኩል ዙሪያውን አይከፋፈልም። ድረሙ ከመሐሉ እስከ ጠርዙ 24 ሳንቲሜትር ገደማ ነው እንበል። አንድ ጎን ላይ ግማሽ ኪሎ ትርፍ ካለ፣ በ1200 ዙር ሲሽከረከር ያ ግማሽ ኪሎ ወደ ውጭ የሚስበው ወደ 190 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ነው። አቅጣጫውም በሴኮንድ ሃያ ጊዜ ይዞራል። ፍጥነቱን በግማሽ ብትቀንሱት ኃይሉ በግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ ይወርዳል፤ በ600 ዙር ወደ 48 ኪሎ ይሆናል። ይሄ ኃይል በቀጥታ ቆርቆሮው ላይ ቢያርፍ ማሽኑ አንድ ቦታ አይቆምም ነበር። ግን ታንኩ ከባድ ስለሆነ፣ በለስላሳ ሞላ ስለተንጠለጠለ፣ በዚያ ፍጥነት ለመወዛወዝ ጊዜ አያገኝም። ትንሽ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ኮንክሪቱም የተጨመረው ለዚህ ነው። የተንጠለጠለው ነገር በከበደ ቁጥር ያ ግማሽ ኪሎ ሊያናውጠው የሚችለው መጠን ያንሳል።

ችግሩ ያለው ከዚያ በፊት ነው። ማንኛውም በሞላ የተንጠለጠለ ነገር የራሱ የሆነ የመወዛወዣ ፍጥነት አለው። ለማጠቢያ ማሽን ይሄ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ ከ150 እስከ 300 ዙር አካባቢ ነው። ድረሙ ወደ ላይ ሲያፈጥን የግድ በዚያ ውስጥ ማለፍ አለበት። እዚያ ሲደርስ እያንዳንዱ ዙር የቀደመውን ውዝዋዜ ይገፋዋል፣ ልክ ዥዋዥዌ ላይ ያለ ልጅን በየመልሱ እንደመግፋት። ሲያፈጥን አንዴ ያልፍበታል፣ ሲቆም ደግሞ ሁለተኛ ያልፍበታል። ሾኩ የተቀመጠው በዋናነት ለእነዚህ ጥቂት ሴኮንዶች ነው። ውዝዋዜውን ያንቀዋል። ሾኩ ካለቀ ታንኩ እንደፈለገ ይወዛወዝና ቆርቆሮውን ከውስጥ ይመታል።

አሁን የሰማነውን መልሳችሁ አስቡት። ሲነሳ ይደልቃል፣ መሐል ላይ ይረጋጋል፣ ሲቆም መልሶ ይደልቃል። ይሄ የሾክ ጠባይ ነው። ኩሽኔታ እንዲህ አይሆንም። ያለቀ ኩሽኔታ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር እየጮኸ የሚሄድ፣ ሊነሳ ያለ አውሮፕላን የመሰለ ጉርምርምታ ነው የሚያሰማው። መሐል ላይ አይተኛም። ባዶውንም ይጮኻል፣ ልብስ ኖረ አልኖረ ግድ የለውም።

ግን ጫፍ ላይ የመጣችው ያቺ ደረቅ ድምፅ ከሾክ ታሪክ ጋር አትገጥምም። እዚያ ፍጥነት ላይ ሾክ ብዙ ሥራ የለውም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሁለት ብልሽት ሊኖር ይችላል ብዬ ጠረጠርኩ። ይሄን የምለው ሰው አንድ ነገር አግኝቶ ከጠገነ በኋላ ማሽኑ አሁንም ሲጮህ «አልተሳካም» ብሎ ስለሚተወው ነው።

ሳይከፈት የሚታየው

ቡሎን ከመፍታት በፊት ያለ ምንም መሣሪያ የሚታዩ ነገሮች አሉ። ብዙ ማሽን እዚህ ላይ ይድናል።

አዲስ ማሽን ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ወደ ጀርባው ነበር የምሄደው። ከፋብሪካ ሲመጣ ታንኩ በመንገድ ላይ እንዳይናጥ በረጃጅም ቡሎኖች፣ አብዛኛውን ጊዜ በአራት፣ ከቆርቆሮው ጋር ይታሰራል። እነሱ ሳይወጡ ማሽኑ ከተነሳ ያ ሁሉ ኃይል በቀጥታ ወደ ቆርቆሮው ይሄዳል። አዲስ ማሽን በመጀመሪያው ጭመቃ ቤቱን ካናወጠ፣ ሌላ ነገር ሳታስቡ ጀርባውን እዩ። የወጡትን ቡሎኖች ደግሞ አትጣሉ፤ ቤት ስትቀይሩ መልሳችሁ ታስሩበታላችሁ። የእኛው ግን ለዓመታት ደህና የሠራ ስለሆነ ይሄ አይመለከተውም።

ቀጥሎ ጭነቱ። እናትየው አንዳንዴ አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ብቻውን ይከቱበታል። ይሄ ብቻውን ማሽን ያስደልቃል፣ ጤነኛውንም። አንድ ከባድ ነገር ብቻውን ሲሆን ከማዶ የሚመዝነው ነገር የለም። ከታች ጎማ ያለው ምንጣፍና ውሃ የማያስገባ የፍራሽ ልብስ ደግሞ ከሁሉ የባሱ ናቸው። ውሃ ቋጥረው ይይዛሉ፣ ከዚያ ፍጥነት መሐል ድንገት ይለቁታል። እነሱን ማሽን ውስጥ ባትጨምቋቸው ነው የምመክረው። የአልጋ ልብስ ከረጢትም አንሶላና ካልሲ ሁሉ ውጦ አንድ ትልቅ ኳስ ሊሆን ይችላል። ሲከተት ቁልፉን ወይም ዚፑን መዝጋት ይፈታዋል።

ስለዚህ ጭነቱን ከጥርጣሬ ለማውጣት ሁለት ነገር አደረግን። መጀመሪያ ባዶውን ጭመቃ ብቻ አዘዝነው። ድልቂያው ጠፋ ማለት ይቻላል፣ ጫፍ ላይ ያቺ ቀቀቀ ግን በትንሹ ተሰማች። ከዚያ ተመሳሳይ መጠን ያላቸው ፎጣዎች፣ ድረሙን ግማሽ ያህል የሚሞሉ፣ አንድ በአንድ ተዘርግተው ገቡ። ፎጣ ለዚህ ጥሩ ነው፤ ውሃ እኩል ይይዛል፣ አይጠቀለልም። ድልቂያው ተመለሰ። በዚህ ጭነት ጤነኛ ማሽን እንዲህ መሆን የለበትም። ባዶው ዝም ያለው ምንም የሚያወዛውዘው ትርፍ ክብደት ስለሌለ እንጂ ሾኩ ጤነኛ ስለሆነ አይደለም። «ባዶውን ስናስነሳው ደህና ነው፣ ስለዚህ ማሽኑ ጤነኛ ነው» የሚለው ክርክር በዚህ ምክንያት አያስኬድም።

ማሽኑ ራሱ ጭነቱን ለማስተካከል እንደሚሞክርም ማወቅ ጥሩ ነው። ከመጭመቁ በፊት በዝግታ እያሽከረከረ ልብሱን ዙሪያውን ሊለጥፍ ይሞክራል፣ የሞተሩ ፍጥነት መዋዠቁን ይለካል፣ ካልጣመው አቁሞ ልብሱን ያገላብጥና እንደገና ይጀምራል። ለዚህ ነው አንዳንዴ የቀረው ደቂቃ እዚያው ቆሞ የሚቀረው። በጭራሽ ካልተስተካከለ በቀስታ ይጨምቃል ወይም ይተወዋል፤ አንዳንዶቹ ማሽኖች ላይ UE የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ነገር ግን ይሄ መለኪያ የሚያየው የልብሱን ሚዛን ነው። ሾኩ ማለቁን በቀጥታ አያይም። ፎጣዎቹ እኩል ስለተዘረጉ ማሽኑ «ደህና ነው» ብሎ ወደ ላይ ያፈጥናል፣ ከዚያ ድልቂያው ይመጣል።

ውሃው በደንብ መውጣቱንም አየን። የፓምፑ ማጣሪያ ከተደፈነ ታንኩ ውስጥ ውሃ ይቀራል፣ ጭመቃውም ይበላሻል። እዚህ ማጣሪያው ውስጥ የተገኘው አንድ ሳንቲምና የፀጉር ክምር ነበር፤ ውሃውን የሚያግድ አይደለም። አለፍነው።

ከዚያ እግሮቹ። ማሽኑ ቆሞ ሳለ የላይኛውን ክዳን በሰያፍ ያሉ ሁለት ማዕዘኖች ይዛችሁ አንዱን ጫኑት፣ ከዚያ ሌላውን። ከፍ ዝቅ ካለ አንድ እግር መሬት አልነካም ማለት ነው። የእኛው የፊት ቀኝ እግር አየር ላይ ነበር። እያንዳንዱ እግር ላይ አንድ ዳዶ አለ። ይሄ ዳዶ ወደ ላይ፣ ወደ ቆርቆሮው ተጠግቶ መጥበቅ አለበት፤ እግሩ በንዝረት ራሱን እንዳይፈታ የሚያደርገው እሱ ነው። የእኛው ዳዶ ወርዶ እግሩ ሥር ተቀምጧል። ማሽኑ ከቦታው እየተነሳ ይሄድ የነበረው በዚህ ነው። ድልቂያው ግን ከዚህ አይመጣም። እግሩን ለጊዜው አስተካከልን፣ መሄዱ ቀነሰ፣ ድልቂያው እንዳለ ቀረ።

ከኩሽኔታ ነጻ ያወጣው ፍተሻ

ሶኬቱን ነቀልን። በሩን ከፈትን። የድረሙን የላይኛ ከንፈር ከውስጥ ይዤ ወደ ላይ ገፋሁት። እዚህ ላይ ማየት ያለባችሁ ድረሙ መንቀሳቀሱን አይደለም፤ ምን ከምን ጋር እንደሚንቀሳቀስ ነው። በድረሙና በበሩ ጎማ መሐል ያለውን ክፍተት እዩ። ድረሙ ብቻውን ከፍ ብሎ ታንኩ ባለበት ከቀረ፣ ወይ ኩሽኔታው በልቷል ወይ ድረሙን ከኋላ የሚይዘው ባለ ሦስት እጅ ብረት ተሰብሯል። ድረሙና ታንኩ አብረው ከፍ ካሉ ግን ኩሽኔታው አጥብቆ ይዟል፤ የሚንቀሳቀሰው የተንጠለጠለው ጓዝ ነው።

የእኛው አብሮ ተነሳ። ምንም ክፍተት አልታየም። ድረሙን በእጅ አሽከረከርኩት፤ ያለ ጉርምርምታ ለስልሶ ዞረ፣ ከንፈሩም ሲዞር አልተወላገደም። መወላገድ የዚያ ባለ ሦስት እጅ ብረት ምልክት ነው፤ በዝገት ተበልቶ አንዱ እጁ ሲሰበር ድረሙ አንድ ጎን ያዘነብላል። በዚህ ደረጃ ላይ ያለ ማሽን መነሳት የለበትም፣ ድረሙ በፍጥነት ላይ ታንኩን ሊቀደው ይችላል።

ቀጥሎ በድረሙ ከንፈር በኩል ታንኩን ወደ ታች በእጄ ጫን አደረግኩና ለቀቅኩት። ጤነኛ ሾክ ካለ ታንኩ አንዴ ወደ ላይ ተመልሶ ይቆማል፤ ሲጫንም እንደ መለጠጥ ያለ እምቢታ አለው። የእኛው ብዙ ጊዜ ወደ ላይ ወደ ታች ተወዛውዞ ነው የቆመው። ሲጫንም የተሰማኝ የሞላው ግፊት ብቻ ነው። እዚህ ላይ ክርክሩ ለእኔ አለቀ።

ሲከፈት

የውሃውን ቧንቧ ዘጋን፣ የቀረውን ውሃ በማጣሪያው በኩል አፈሰስን። የላይኛው ክዳን ከኋላ በሁለት ቡሎን ነው የተያዘው፤ ከተፈቱ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ከላይ ሁለቱ ሞላዎች ይታያሉ። ሁለቱም መንጠቆዋቸው ላይ ናቸው፣ አልተሰበሩም። አንዱ ተነቅሎ ቢሆን ኖሮ ታንኩ አንድ ጎን ያዘነበለ ሆኖ፣ የበሩም ጎማ ተጎትቶ ይታይ ነበር።

ከዚያ የላይኛውን ኮንክሪት በእጄ ነካሁት። ተነቃነቀ። ከሁለቱ ቡሎኖቹ አንዱ በእጅ የሚዞር ሆኗል። ዙሪያው ላይ ነጭ የኮንክሪት ዱቄት ተበትኗል። ያቺ ደረቅ ድምፅ እንግዲህ እዚህ ነች። በከፍተኛ ፍጥነት ኮንክሪቱ በታንኩ ላይ ይቀጠቀጥ ነበር። ሾኩ ሲያልቅ የመጣው ድልቂያ ቡሎኑን እየፈታው እንደሄደ ነው የገመትኩት፤ የመጀመሪያው ብልሽት ሁለተኛውን ወለደ።

ኮንክሪቱ ስንጥቅ የለውም። ቢሰነጠቅ መቀየር ነው ያለበት፤ የተሰነጠቀን ማጣበቅ አይሆንም፣ ያ ነገር ከላይ ተፈንቅሎ ቢወድቅ የሚሰብረው ብዙ ነው። የቡሎኑ ጥርስም አልተበላም። ጥርሱ የሚገባው ፕላስቲክ ውስጥ ስለሆነ ይሄ ዕድል ነው። በልኩ አጠበቅኩት። ከልክ በላይ ማጥበቅ ወይ ፕላስቲኩን ይበላዋል ወይ ኮንክሪቱን ይሰነጥቀዋል። የፊተኛውን ክብደት ስነካው ጠበቅ ብሎ ነበር።

እዚህ ላይ ክዳኑን መልሰን፣ ሾኩን ሳንነካ፣ እነዚያኑ ፎጣዎች ከትተን አስነሳነው። ይሄ ጊዜ ማባከን ሊመስል ይችላል። ግን አንድ ነገር ጠግኖ መሞከር የቱ ምን እንደፈጠረ ይነግራል። ውጤቱ ግልጽ ነበር፦ ጫፍ ላይ ያለችው ቀቀቀ ጠፋች፣ የመነሻና የመቆሚያ ድልቂያው ምንም አልቀነሰም።

ወደ ሾኩ መጣን። በዚህ ማሽን የሚደረስበት ከኋላ ባለው ሽፋንና ከታች ነው። ማሽኑን በወፍራም ጨርቅ ላይ ማጋደም ያስፈልጋል፤ ለሁለት ሰው የሚሆን ሥራ ነው፣ ኮንክሪቱ ከባድ ነው። እያንዳንዱ ሾክ ከላይ ታንኩን፣ ከታች የቆርቆሮውን ወለል በፕላስቲክ ፒን ይይዛል። ፒኑ ጫፉ ላይ እንደ ጆሮ የሚከፈት መያዣ አለው፣ ዝም ብሎ ቢጎተት አይወጣም። አንድ ዘዴ አለ፦ 13 ቁጥር ቡሶላ በፒኑ ጫፍ ላይ ግፉት፤ ጆሮዎቹን ይጨምቃቸዋል፣ ከዚያ በሌላ በኩል በፒንሳ ሲጎተት ይወጣል። በካቻቪቴ እየቆረቆሩ መስበር የተለመደ ነው፣ አያስፈልግም። ፒኖቹን እንዳሉ ለመጠቀም ካሰባችሁ አትስበሯቸው።

ከወጡ በኋላ የሚታየው ነገር ምንም አያከራክርም። ጤነኛ ሾክ በእጅ ስታስገቡና ስታወጡት ይታገላል፣ ከተዋችሁት ባለበት ይቆማል። የግራው በራሱ ክብደት ተንሸራቶ ወረደ። የቀኙ ትንሽ ይይዝ ነበር፣ ግን ሲያጥር ምንም የማይይዝበት ቦታ ነበረው። ብዙ ሰው «ዘይቱ ፈሶ ይሆናል» ይላል። የአብዛኞቹ የማጠቢያ ማሽን ሾኮች ውስጥ እንደ መኪና ሾክ ዘይት የለም። ውስጡ በልዩ ግራሶ የራሰ ስፖንጅ መሰል ነገር አለ፣ ዘንጉን በመፋተግ ነው የሚይዘው። ያ ሲያልቅ ሾኩ አለቀ። ዘይት ወይም ተራ ግራሶ መጨመር ይባስ ያንሸራትተዋል። ሲያወጡት ደረቅ መስሎ መታየቱም ጤነኛ ነው ማለት አይደለም።

አዲስ ሲፈለግ ርዝመቱና የቀዳዳው ስፋት ብቻ ማየት አይበቃም። ሰውነቱ ላይ የመያዣ ኃይሉ ተጽፏል፦ 80N፣ 100N፣ 120N እና የመሳሰሉት። እዚህ 100N ነበር፣ ያንኑ ተካነው። ከዚያ የላላ ቢሆን ድልቂያው ይቀራል፣ ከዚያ የጠነከረ ቢሆን ደግሞ በከፍተኛ ፍጥነት ንዝረቱን ወደ ቆርቆሮውና ወደ ወለሉ ያስተላልፋል። «ጠንካራ ይሻላል» የሚለው ነገር እዚህ አይሠራም። ሁለቱም አብረው ነው የሚቀየሩት። አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ከሆነ ታንኩ አንድ ጎን እየተጎተተ ይወዛወዛል። ሲገባም በምን አቅጣጫ እንደነበር ከመንቀል በፊት ፎቶ ማንሳት ይጠቅማል።

ማሽኑ ተጋድሞ ሳለ አንድ ነገር ጨምረን አየን። ታንኩ ቆርቆሮውን ሲመታ ከርሞ ስለነበር፣ የሚፋተጉ ገመዶች ካሉ። አንዱ የሽቦ ጥቅል በቆርቆሮው ጠርዝ ላይ ሽፋኑ ተልጧል፤ መዳብ ገና አልታየም። ወደ ቦታው መልሰን በማሰሪያ አሰርነው። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ውሃ ባለበት ማሽን ውስጥ ገላጣ ሽቦ ቆርቆሮውን ቢነካ የሚያገኘው የሚያጥበውን ሰው ነው። የበሩ ጎማ ላይም የመፋተግ ምልክት ነበረ፣ አልተቀደደም።

ማሽኑን አቁመን ውሃ ልክ ላይ አስቀመጥነው። ፊት ለኋላ፣ ጎን ለጎን። እግሮቹ በተቻለ መጠን አጭር እንዲሆኑ ገፋናቸው፤ የረዘመ እግር ይወዛወዛል። ከዚያ አራቱም ዳዶ ወደ ላይ ተጠጋ፣ ጠበቀ። በሰያፍ ስንጭነው አልነቃነቅም አለ። ከእግር ሥር ጎማ ማስገባት የሚወዱ አሉ። ጠንካራ ወለል ላይ ድምፅ ይቀንስ ይሆናል፣ ግን ለስላሳ ጎማ ማሽኑን ራሱን ሌላ ሞላ ላይ እንደማስቀመጥ ነው፣ አንዳንዴ ይባስ ያናውጠዋል። የላላ ሾክን ደግሞ ምንም ጎማ አይተካም።

በነዚያኑ ፎጣዎች አስነሳነው። ሲነሳ ለጥቂት ሴኮንድ መጠነኛ መናጥ ታየ፣ ታንኩ ግን ቆርቆሮውን አልነካም። ጫፍ ሲደርስ ንዝረት እንጂ ድምፅ የለም። ሲቆምም አንዴ ተንቀጥቅጦ ቆመ። ጓደኛዬ «ታዲያ ኩሽኔታው የት ሄደ?» አለ። የትም አልሄደም። ድሮም ጤነኛ ነበር።

ለእናትየው የቀረው የብርድ ልብሱ ጉዳይ ነው። አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ብቻውን ከገባ አዲሱም ሾክ ማሽኑን ያናውጠዋል፣ ሾክ ሚዛን የሌለውን ጭነት ሚዛን አያስይዘውም። ሁለት ፎጣ አብሮ መክተት፣ ጭመቃውን ወደ 800 ዙር ማውረድ። በ800 የሚወጣው ኃይል በ1200 ከሚወጣው ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ልብሱ ትንሽ ረጥቦ ይወጣል፣ ያ ነው ልዩነቱ። «ረጥቦ ቢወጣ አሰጣዋለሁ፣ ብቻ ቤቱን አያፍርስብኝ» አሉ።

ከላይ የሚከፈት ማሽን ላላችሁ፣ ፍተሻው ተመሳሳይ ነው፣ አካሉ ግን ይለያል። እዚያ ታንኩ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት ማዕዘን በአራት ዘንግ ነው የተንጠለጠለው፣ ሾክና ሞላውም ዘንጎቹ ታች ላይ አብረው ናቸው። ድረሙን ወደ ታች ጫን አድርጋችሁ ስትለቁት ደጋግሞ ከተወዛወዘ ወይም አንድ ጎን አዘንብሎ ከቀረ ዘንጎቹን አራቱንም ቀይሩ። ብዙዎቹ ከላይ ድረሙ ዙሪያ ፈሳሽ ያለበት ቀለበት አላቸው፤ ሲሽከረከር ፈሳሹ ከከበደው ጎን በተቃራኒ ይሰበሰብና ሚዛን ያስይዛል። ያ ቀለበት ተሰንጥቆ ፈሳሹ ከወጣ ዘንግ ብትቀይሩም ማሽኑ መናጡን አይተውም፣ እና ብዙውን ጊዜ ዘንግ ከተቀየረ በኋላ ነው ሰው የሚያስታውሰው።